የአምባገነኑ ፊትና የአምባገነኑ ዓይን

የጆርጅ ኦርዌል «1984» በተነሳ ቁጥር አንባቢ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሁሉን የሚያየው ቢግ ብራዘር ስታሊን ነው፣ መጽሐፉም የአርባዎቹ ዓመታት ፍርሃት ሰነድ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ አምባገነኑ የማንም ዘመን ንብረት አይደለም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ገዥ ፊት የሚያስገባበት ባዶ ክፈፍ ነው ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ወገኖች መጽሐፉን በሚገባ ያነበቡ ናቸው፤ ሁለቱም በቀላሉ የማይጣል ምክንያት አላቸው። እኔ ክርክሩን ከለንደንም ከሞስኮም አውጥቼ ከጆሃንስበርግ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው አሌክሳንድራ ላይ ባስቀምጠው መልኩ ይለወጣል ባይ ነኝ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ዘመኑን የሚያስቀድሙትን እንስማ። የዲስቶፒያ ልቦለዶች አባት የሚባለውን «እኛ»ን የጻፈው ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን መሐንዲስ ነበር። በ1916 እና 1917 እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል ውስጥ፣ ለሩሲያ የሚሠሩ የበረዶ ሰባሪ መርከቦችን ይቆጣጠር ነበር። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1920 እና 1921፣ የጻፈው ልቦለድ ውስጥ ሰዎች በመስታወት ቤት ይኖራሉ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር አላቸው፣ «በጎ አድራጊው» የሚባል ገዥም ከላይ ሆኖ ይመራቸዋል። በሰዓት ተሰፍሮ የሚሠራው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አዲስ የተተከለው የአንድ ፓርቲ አገዛዝ፣ ሁለቱም እዚያ አሉ። ኦርዌልም እንደዚሁ ነው። በ1937 ባርሴሎና ውስጥ አብረውት የተሰለፉ ጓዶቹ በገዛ ወገናቸው «ሰላዮች» ተብለው ሲታደኑ አይቷል፤ ከ1941 እስከ 1943 በቢቢሲ የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ሠርቷል። ያ ባለ ጢም ፊት ከፖስተርና ከሬዲዮ ዘመን ውጭ ሊወለድ ባልቻለም ነበር።

ይህ አነባበብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። መጽሐፉን ከስታሊን ጋር ከቀበርነው የሙዚየም ዕቃ ይሆናል፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸውም በዚህ የተስማሙ አይመስሉም። ኦርዌል በ1946 መጀመሪያ ስለ «እኛ» ሲጽፍ የዛምያቲን ዒላማ አንድ የተለየ አገር ሳይሆን የኢንዱስትሪ ሥልጣኔ አካሄድ ነው የሚል ግምት ሰጥቶ ነበር። የራሱንም ታሪክ ሆን ብሎ በብሪታንያ ምድር አስቀመጠው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕዝብ በተፈጥሮው ከዚህ አደጋ የዳነ ነው ብሎ አያምንም ነበርና።

ሁለተኛው ወገን እዚህ ላይ ይበረታል፤ ከዚህም ወደ ኋላ ሊወስደን ይችላል። ኦርዌል ደራሲ ከመሆኑ በፊት ከ1922 እስከ 1927 በበርማ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ፖሊስ ነበር። ክትትልን መጀመሪያ ያወቀው እንደሚከታተል ሰው እንጂ እንደሚከታተሉት ሰው አይደለም። ሰውን በጣት አሻራ መዝግቦ የመለየትን ዘዴ ቤንጋል ውስጥ ያደራጀው ኤድዋርድ ሄንሪ፣ ወደ ለንደን ፖሊስ ከመዛወሩ በፊት በ1900 ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ የጆሃንስበርግን ፖሊስ አዋቅሯል። ጋንዲ በዚያችው ከተማ የመጀመሪያውን ሰላማዊ የእምቢተኝነት ትግሉን የጀመረው እስያውያን በአሻራ እንዲመዘገቡ ያስገደደውን ሕግ በመቃወም ነው፤ ነሐሴ 1908 ላይም ሰዎች የምዝገባ ወረቀታቸውን በሐሚዲያ መስጊድ ደጃፍ አቃጥለዋል። ስታሊን በዚያን ጊዜ ገና ማንም የማያውቀው የካውካሰስ አብዮተኛ ነበር። ሁሉን የማየት ምኞት ከእርሱ በፊት፣ ያውም በአፍሪካ ምድር፣ ተሞክሯል ማለት ነው።

አሌክሳንድራ በ1912 ተመሠረተች። የመሬት ሕጉ በ1913 ከመውጣቱ በፊት ስለነበር ጥቁሮች ቤትና ቦታ በስማቸው ሊይዙባት ከቻሉባቸው ጥቂት የከተማ መንደሮች አንዷ ሆነች። «1984» በሰኔ 1949 ሲታተም የአፓርታይድ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በ1950 የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ወጣ፤ በ1952 ደግሞ «ፓስ» የሚባለው ደብተር በአዲስ መልክ መጣ። ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ወንድ ሁሉ ሊይዘው ይገባል፤ ኋላም ሴቶች ተጨመሩ። በውስጡ ፎቶግራፍ፣ በከተማ የመኖር ፈቃድ፣ የግብር ማረጋገጫና አሠሪው በየወሩ የሚፈርምበት ገጽ አለ። የአንድ ወር ፊርማ ከጎደለ ሰውየው ሥራ እንደሌለው፣ ምናልባትም ከተማዋን መልቀቅ እንዳለበት፣ ደብተሩ ራሱ ይመሰክርበታል። አሻራው ፕሪቶሪያ ባለ ማዕከላዊ ቢሮ ይቀመጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከኦርዌል ቴሌስክሪን የማይተናነስ ዓይን ነው።

በተግባር ግን ዓይኑ ፈዛዛ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ኪት ብሬክንሪጅ እንዳሳየው የፕሪቶሪያው ቢሮ በአሻራ ክምር ተውጦ የታሰበለትን ሥራ ሊሠራ አልቻለም። ማን የት እንዳለ የማያውቅ መንግሥት ደግሞ ያለው አማራጭ በሌሊት ሰፈር ከብቦ በር ማንኳኳት ነው። በአሌክሳንድራ ያደገው ማርክ ማታባኔ በ1986 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የልጅነት ትዝታውን የሚከፍተው በእንዲህ ያለ የፖሊስ አሰሳ ነው፤ ወላጆቹ ወረቀታቸው ስላልተሟላ ከገዛ ቤታቸው ይሸሹ ነበር። ሁሉን በሚያይ አገዛዝና ማየት ስለተሳነው ሁሉን በሚያስር አገዛዝ መካከል ያለው ልዩነት ለታሳሪው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለአንባቢ ግን ትንሽ አይደለም፤ መደበቅ የሚቻለው በሁለተኛው ብቻ ነውና።

ሌላም ልዩነት አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው። በ«1984» ዓለም ከሕዝቡ ሰማንያ አምስት በመቶ የሚሆኑት ድሆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ቤታቸው ቴሌስክሪን የለም፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም። ክትትሉ የበረታው በፓርቲ አባላት ላይ ነው። ይህ የሞስኮን የፓርቲ ማጽዳት ዘመቻና የባርሴሎናን ክህደት የቀመሰ ምሁር ፍርሃት ነው። በአሌክሳንድራ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ በየመንገዱ ደብተሩን አውጣ የሚባለው ሠራተኛው፣ አገልጋይዋ፣ ሥራ ፈላጊው ነው። ዘመን አስቀዳሚዎቹ እዚህ ላይ ትልቅ ነጥብ ያስቆጥራሉ፤ የቢግ ብራዘር ዓይን ወዴት እንደሚያይ የሚወስነው የደራሲው ዘመን ብቻ ሳይሆን የደራሲው መደብም ነው።

በአሌክሳንድራ ያደገው ሞንጋኔ ዋሊ ሴሮቴ በ1969 ያለ ክስ ለዘጠኝ ወር ታስሮ ነበር። በ1981 ያሳተመው «ለእያንዳንዱ ልደት ደሙ» የተሰኘ ልቦለድ ዲስቶፒያ አይደለም፤ መጪውን ዘመን መፍጠር አላስፈለገውም። ቢሆንም ለጥያቄያችን ቅርብ ምስክር ነው። ተራኪው ጺ ሞሎፔ በመንገድ ላይ በፖሊሶች እጅ ይወድቃል፣ ይደበደባል፤ ከዚያ በኋላ ውርደቱ በአሌክሳንድራ ጎዳናዎች፣ በመጠጥና በጃዝ ውስጥ ይከተለዋል። የአገሪቱ መሪ ግን እንደ ገጸ ባሕርይ አይቀርብም። ቬርዉርድ የአፓርታይድ ዋና መሐንዲስ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ በ1966 ሲገደል የፓሱ ሥርዓት አብሮት አልሞተም፤ እስከ 1986 ቀጥሏል። ፊት የሌለው ዓይን ነበር።

ታዲያ ኢትዮጵያዊው አንባቢ «1984»ን «የኛ መጽሐፍ» ሲል ተሳስቷል? አይመስለኝም። በደርግ ዘመን ፊቱም ዓይኑም ነበር፤ በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች፣ በየቢሮው የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ፣ በየሰፈሩ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንዳመሸ የሚያውቅ ቀበሌ። በ1977 የአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳም የታደነው በአብዛኛው የተማረው ወጣት ስለነበር ነገሩ ከኦርዌል ልቦለድ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ይህ መገጣጠም የመጽሐፉን ዘመን የለሽነት ያረጋግጣል ለማለት መቸኮል አይገባም። ደርግ ሥርዓቱን ከሞስኮ የቀዳ ነበርና ተመሳሳይነቱ የዝምድና ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የቀበሌው ጎረቤታዊ ዓይን ከሞስኮ ብቻ መጣ ማለትም ያስቸግራል፤ ነጭ ለባሽና ጆሮ ጠቢ ከደርግ በፊትም ነበሩን።

ከአፓርታይድ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነስቷል፤ አለመታየትስ? በግንቦት 2008 በስደተኞች ላይ የተነሳው ጥቃት የጀመረው ከአሌክሳንድራ ነው፤ በመላ አገሪቱ ሲዛመት ከስልሳ በላይ ሰው ሞተ። ክርንን በዙሉ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ እያሉ «መጤውን» ለመለየት የሞከሩት የመንግሥት ሰላዮች ሳይሆኑ የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ መንደሮች ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ መንግሥት ወረቀቱን በትክክል መዝግቦ እንዲያውቀው ይፈልጋል፤ በዚያው ልክ በየጊዜው እያሳደሰ የሚይዘው ወረቀት ከፓሱ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር ያስፈራዋል። በ2019 አሌክሳንድራን በተቃውሞ የዘጉ ነዋሪዎችም ቅሬታቸው መንግሥት አብዝቶ አየን አልነበረም፤ ረሳን ነው። ክትትልን በጠቅላላው ክፉ አድርጎ የሚያይ አንባቢ ለእነዚህ ሰዎች ጥያቄ መልስ አለው ለማለት ይከብዳል። ምዝገባን እንደ ጥበቃ ብቻ የሚያይም ማታባኔን ቢያነብ አይከፋም።

እኔ የማዘነብለው ፊቱንና ዓይኑን ለያይቶ ወደ ማንበብ ነው። ፊቱ፣ ማለትም ጢሙ፣ ፖስተሩ፣ የሬዲዮ ድምፁ፣ የዘመን አስቀዳሚዎቹ ድርሻ ይሁን፤ ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ ነቅሎ ማውጣት ታሪኩን ያደበዝዘዋል። ዓይኑ ግን ተጓዥ ነው፤ ከቤንጋል ወደ ጆሃንስበርግ፣ ከመዝገብ ወደ ስልክ ይሻገራል። የደረሰበትን ቦታ ለማወቅ የሚጠቅመኝ አንድ ጥያቄ እዚያ የማይታየው ማን ነው የሚል ነው። በኦርዌል ድሃው ነው፤ በፓሱ ዘመን ነጩ የከተማ ነዋሪ ነበር። አሌክሳንድራ በተቃጠለችበት በዚያው 2008 ላውረን ቢዩክስ ያሳተመችው «ሞክሲላንድ» ውስጥ ደግሞ አምባገነን የሚባል ሰው ጨርሶ የለም። የመጪዋን ኬፕታውን ነዋሪ ፖሊስ በገዛ ስልኩ በኤሌክትሪክ ይመታዋል፤ ከዚያ የከፋው ቅጣት ግን ስልኩን መቆረጥ ነው፤ ያለ እርሱ መክፈልም መግባትም መሥራትም አይችልምና። እዚያ ሰዎቹ የሚፈሩት መታየትን ነው ወይስ ከመታየት መሰረዝን? ልቦለዱ ሁለቱንም ያስነብባል፤ በየትኛው ላይ ማተኮር እንዳለብን ከአሌክሳንድራ የመጣ አንባቢና ከሀብታሙ ሳንድተን የመጣ አንባቢ ሊለያዩ ይችላሉ።