አንድ ዜሮ አምስቱን ማርክ ይብላ?

ዛሬ ስለ ሒሳብ ፈተና እርማት የሚሰማኝን ልጽፍላችሁ ነው።

ባለፈው ከወርክ አውቶቹ አንዱ እንዲህ ይል ነበር። አንዲት ነጋዴ ከዳባት 40 ኪሎ ድንች በኪሎ 30 ብር ገዝታ ለመኪና 200 ብር ከፈለች። 15 በመቶ እንድታተርፍ ኪሎውን ስንት ትሽጠው? 5 ማርክ ነው።

ድንቹ 1200 ብር፣ ከመኪናው ጋር 1400 ብር ይሆናል። ትርፉ 210 ብር ነው። ድምሩ 1610 ብር ለ40 ሲካፈል 40 ብር ከ25 ሳንቲም ይመጣል።

እኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ዜሮ ረሳሁና 1200ውን 120 አልኩት። 200 ስደምር 320፣ ትርፉ 48፣ ድምሩ 368፣ ለ40 ሲካፈል 9 ብር ከ20 መጣ። ከዚያች ዜሮ በቀር ሌላ ስህተት የለብኝም። ግን በትልቁ ኤክስ ተደርጎ ከ5 ዜሮ አገኘሁ።

እናቴ ወረቀቱን አይታ «ልጄ፣ በ30 የገዛችውን በ9 ብር ስትሸጥ ዝም ብለሽ አየሻት?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ልብ ማለት ነበረብኝ። ስለዚህ አንድ ማርክ ልቀጣ። አራቱ ግን ለምን ይሄዳል? አንድ ስህተት መቀጣት ያለበት አንዴ ብቻ ነው።

የኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ፈተናው ሲወጣ ማርኩም አብሮ ይከፋፈል። ለማባዛቱ 1፣ የመኪናውን ለመደመር 1፣ ለመቶኛው 2፣ ደምሮ ለማካፈሉ 1። መቶኛው 2 የሚሆነው የተማርነው ምዕራፍ እሱ ስለሆነ ነው። 15 በመቶን 15 ብር ብሎ የደመረ ሰው ሁለቱንም ያጣል፣ ምክንያቱም እሱ አልተሳሳተም፣ አልገባውም። 15 በመቶ መሆኑን አውቆ ሲያባዛ የሳተ ግን 1 ያገኛል።

በሌላ መንገድ የሠራም አለ። ጓደኛዬ መጀመሪያ 1400ን ለ40 አካፍላ 35 አገኘች፣ በላዩ 15 በመቶውን ጨመረች። መልሷ ያው 40 ከ25 ነው። ስለዚህ ቲቸር መጀመሪያ አምስት ስድስት ወረቀት አይተው ያላሰቡት መንገድ ካገኙ መመሪያው ላይ ቢጨምሩት፣ ለሁላችንም እኩል ይታረማል። ስሌት ሳያሳይ መልሱን ብቻ የጻፈ ደግሞ ከጎኑ ኮርጆ ሊሆን ስለሚችል 1 ብቻ ይሰጠው። ይህ ግን ፈተናው ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

መምህሮቻችን የብዙ ክፍል ወረቀት እንደሚያርሙ አውቃለሁ፤ ደረጃ በደረጃ ማየት ያደክማል። ቢሆንም የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ምርጫ ነው፤ እዚያ ስሌታችንን የሚያይልን የለም። የት ጋ እንደሳትን የምናውቀው እዚሁ ክፍላችን ውስጥ ነው። ኤክስ ብቻ ካየሁ መቶኛ አልገባኝም ብዬ እሱን ሳጠና አድር ነበር። የጎደለችኝ ግን አንድ ዜሮ ናት።

በሚቀጥለው ሳምንት ያገናኘን!