«ማክሰኞ 3 ሰዓት» በማን ሰዓት?

ዋሽንግተን ያለ ኢትዮጵያዊ ቀጣሪ አዲስ አበባ ላለች አመልካች በዋትስአፕ «ማክሰኞ 3 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ይመችዎታል?» ብሎ ቢጽፍ፣ መልእክቱ ሦስት ዓይነት ትርጉም ይኖረዋል፦ የአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የዋሽንግተን ጠዋት 3 ሰዓት ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር የዋሽንግተን ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት። በጥቅምት አጋማሽ ሁለተኛው አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይውላል። አመልካቿ ግን ብዙ ጊዜ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ታልፋለች፤ ከይሉኝታ የመጣ መልስ ነው፣ አያዋጣትም። «በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ስልክ ላይ 16:00፤ በዋሽንግተን 09:00፤ ልክ ነኝ?» ብላ ብትጽፍ ማንም አይቀየማትም። ቀጠሮው ወደ ኅዳር ከተዛወረም እንደገና ትጠይቅ፤ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለምትመልስ፣ የሰባት ሰዓቱ ልዩነት ስምንት ይሆንና ያው የዋሽንግተን 09:00 አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይውላል። «እደውላለሁ» የሚለውም አይበቃም። በመደበኛ ስልክ ነው፣ በዋትስአፕ ድምፅ ወይስ በቪዲዮ? ቪዲዮ ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ጸጥ ያለ ክፍል መፈለግ አለባት፤ ይህ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አይገኝም።