«ወላጅ ይዘህ ና»

ሰሞኑን ለትምህርት ሥነ ልቦና ሴሚናር ስለ መምህርና ተማሪ ግንኙነት የተጻፉ ጥናቶችን ሳገላብጥ ነበር። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ አንድ ሥራ 51 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። ተማሪው «ይህ ትምህርት ቤት የኔ ነው» ብሎ ከመሰማቱ ጋር በጣም ተያይዞ ከተገኙት ነገሮች አንዱ የመምህሩ ድጋፍ ነው። በርግጥ ጎበዝና ተጫዋች ልጅም መምህሩን ወደራሱ ይስባል፣ ስለዚህ የቱ የቱን እንዳመጣ በዚህ ብቻ አይታወቅም።

ወደኛ አሶሳ ላምጣው። ከኩርሙክ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ 9ኛ ክፍል የሚማር ልጅ አስቡ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ይሄድና መኪና አጥቶ ሰኞ ይቀራል። ማክሰኞ ሲመጣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «ወላጅ ይዘህ ና» ይባላል። ወላጁ እኮ ኩርሙክ ነው! አፉን የፈታው በበርታኛ ስለሆነ በአማርኛ ቶሎ ማስረዳት ያቅተዋል፣ ዝምታው ደግሞ ንቀት ይመስላል። የአንድ ቀን ቅሪት የሳምንት ይሆናል፣ ከዚያ ልጁ ጭራሽ ይጠፋል።

እኔ የምለው፣ ከክፍል ሲወጣ ለብቻው «ሰኞ አላየሁህም፣ ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ ይቅደም። ብዙ ሴክሽን የሚያስተምር መምህር ሁሉንም መከታተል አይችልም፣ የሆም ሩም መምህሩ ግን ስም ሲጠራ ያየዋል። ወላጅ የግድ ካስፈለገም ይደወል። (ካርዱን ማን ይሞላል የምትሉ ባልደረቦቼ፣ እሱን ስብሰባ ላይ እናንሳው።)