ዳሽካሟን ከመውቀሳችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ ገጨኝና ሹፌሩ መልሶ «አንተ ነህ የገባህብኝ» አለኝ። እኔ ዳሽካሜን ተማምኜ ዝም አልኩ። ካርዱን አውጥቼ ሳየው ግን የመጨረሻው ቪዲዮ ከተቀዳ ሦስት ሳምንት ሆኖታል!

ካሜራዬ አልተበላሸም። መኪናው ሲንገጫገጭ «ግጭት ነው» ብሎ የዚያን ሰዓት ቪዲዮ ይቆልፋል፤ የተቆለፈው ደግሞ በአዲስ አይተካም። በኛ ኮብልስቶንና ጉድጓድ በቀን ስንቴ እንደሚቆልፍ አስቡት። 64 ጊጋባይቱ በተቆለፈ ፋይል ሞልቶ መቅዳት አቆመ።

ስለዚህ ሌላ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። የተቆለፉት ፋይሎች ከሞሉት፣ የሚፈለገውን ገልብጡና ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉ፤ ከዚያ G-Sensor የሚለውን Low ላይ አድርጉት። ፎርማት ካደረጋችሁ በኋላም ስህተት እያለ ካስቸገረ ካርዱ አልቆ ሊሆን ይችላል። የስልክ ካርድ ቀኑን ሙሉ መጻፍና መሰረዝን ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ High Endurance የሚል ግዙ። ካሜራው ጉድጓድ ላይ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የሲጋራ መለኮሻው ላይ ያለው ሶኬት ላልቶ ሊሆን ይችላል።

እኔ ግን የምወቅሰው ራሴን ነው። ካሜራ መስታወት ላይ መለጠፍ መቅዳት አይደለም፤ በወር አንዴ ቪዲዮውን ከፍቶ ማየት ነበረብኝ። እናንተስ መቼ አያችሁት?