«ረህማን» የሚባል አባት የለንም!

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ አንድ ቤተሰብ እናስብ። ለምሳሌ ነው እንጂ የማንንም ቤት አንጠራም። አባትየው ሙሐመድ ኑር ይባላል፤ የእሱ አባት ደግሞ ሰይድ። ሙሐመድ ኑር ሦስት ልጆች አሉት፦ አብዱ ረህማን፣ ዘይነብ እና ኢብራሂም። የአንድ አባትና የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸውን ጎረቤቱም ገበያውም ያውቃል። ሙሉ ስማቸው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን የሦስት አባት ልጆች ሆነው ሊወጡ ይችላሉ።

እንዴት? ብዙ ፕሮግራም ሙሉውን ስም በአንድ መስመር ይቀበልና በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ባገኘ ቁጥር ይቆርጠዋል። የመጀመሪያውን ቁራጭ የራስ ስም፣ ሁለተኛውን የአባት፣ ሦስተኛውን የአያት ይለዋል። ትርፉን ይጥለዋል። ሥራው ሁሉ ሁለት መስመር ነው፦

```
parts = full_name.split(" ")
name, father, grandfather = parts[:3]
```

«አብዱ ረህማን ሙሐመድ ኑር ሰይድ» አምስት ቃል ነው፤ ስም ግን ሦስት ነው። ማሽኑ ስሙን «አብዱ»፣ አባቱን «ረህማን»፣ አያቱን «ሙሐመድ» አደረገና ኑርንና ሰይድን ጣላቸው። «ዘይነብ ሙሐመድ ኑር ሰይድ» አራት ቃል ነው። የእሷ አባት «ሙሐመድ»፣ አያቷ «ኑር» ሆነ። የኢብራሂምን ወረቀት የጻፈው ሰው ግን የአባቱን ስም «ሙሐመድኑር» ብሎ ገጥሞት ነበርና የእሱ ብቻ በትክክል ወጣ። አሁን ሦስቱ ልጆች ባንክ ቢሄዱ፣ ፓስፖርት ቢጠይቁ፣ ወይም አባታቸው ሞቶ የወራሽነት ማረጋገጫ ቢፈልጉ እህትና ወንድም መሆናቸውን በምስክር ማስረዳት ሊኖርባቸው ነው። ማሽኑ ያበላሸውን እነሱ በጉልበታቸውና በገንዘባቸው ያቀናሉ ማለት ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች ጉዳዩ ከወረቀት ጣጣም ያልፋል። «አብድ» ባሪያ ማለት ነው። አብዱ ረህማን የረህማን ባሪያ፣ አብዱል ቃድር የቃድር ባሪያ ነው። «አር-ረህማን» የአላህ ስም ነው፤ ሰው በዚህ ስም ብቻውን አይጠራም። ስሙን ከመሃል የቆረጠ ፕሮግራም ግን ባሪያውን ከጌታው ለይቶ አንዱን ሰው «ባሪያ»፣ ሌላውን «አቶ ረህማን» ብሎ ይጠራል። «አብዱል» ብቻውን ሲቀርማ «የ...ባሪያ» ተብሎ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ቃል ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ክርስቲያን ጎረቤታችን ገብረ ሥላሴ በተመሳሳይ ቢላዋ ይቆረጣል፤ «ገብረ»ም የግዕዝ «ባሪያ» ነውና። ንጉሡን «ሚስተር ሥላሴ» የሚሉ የውጭ ሰዎች ኃይለ ሥላሴ አንድ ስም መሆኑን አላወቁም። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአባቱ ስም በላቲን ፊደል ተገጥሞ ስለተጻፈ ቢያንስ ከመቆረጥ ድኗል። ዓለም ግን እሱን በአባቱ ስም ይጠራል።

ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሦስት መልስ አላቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው «የጥምር ስሞች ዝርዝር እንሰጠዋለን፤ አብዱን፣ ገብረን፣ ወልደን ሲያይ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይገጥማል» የሚል ነው። ጥቂቱን ያቀናል፤ ሌላውን ያበላሻል። «አብዱ» ብቻውንም ሙሉ ስም ነው። አብዱ የሰይድ ልጅ «አብዱሰይድ» ሊባል ነው? «ሙሐመድ ኑር ሰይድ» የሚለውንስ ምን ያደርገዋል? ሙሐመድ የኑር ልጅ፣ የሰይድ የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሙሐመድኑር የሰይድ ልጅም ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ሁለት ናቸው። መልሱ በፊደሎቹ ውስጥ ስለሌለ የትኛውም ብልሃት ከፊደሎቹ አያወጣውም። የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱን ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም።

ሁለተኛው «መሃሉ ላይ ሰረዝ ያድርጉ» የሚል ነው። ሰረዙ እስከ ፓስፖርት ድረስ አይደርስም። በፓስፖርት ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች የሚጻፉት በዓለም አቀፍ ደንብ ነው። በዚያ ደንብ ባዶ ቦታም ሰረዝም ወደ አንድ ዓይነት ምልክት ይለወጣሉ። ABDU-RAHMAN ብለን ብንጽፍ ABDU<RAHMAN ሆኖ ይወጣል፤ ማሽኑ እንደገና ሁለት ቃል ያያል። ተገጥሞ ከተጻፈ ግን አይለያይም፦

```
P<ETHSEID<<ABDURAHMAN<MUHAMEDNUR<<<<<<<<<<<<
```

ሁለቱ << ምልክቶች የቤተሰብ ስም ተብሎ የተያዘውን ከሌላው ይለያሉ። እዚህ ለምሳሌ አያቱን በቤተሰብ ስም ቦታ አስገብተነዋል። የትኛው ስም እዚያ እንደሚገባ የሚወስነው ፓስፖርቱን የሚሰጠው አገር ነው።

ሦስተኛው መልስ «እንግዲህ እንደ ዓለሙ የቤተሰብ ስም ይኑራችሁ» ነው። ይህ ተሞክሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ደንግጓል። ሕዝቡ ግን ከዚያም በኋላ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። የአያትን ስም በግድ የቤተሰብ ስም ብናደርገው የልጁ «ሰይድ» ይሆናል። የአባቱ ግን የራሱ አያት ስም ነው፣ «አሊ» እንበል። እናትየዋ ከአባቷ ስም ጋር ስለምትቆይ የእሷ ሌላ ነው። ሦስቱ አብረው ቪዛ ሲጠይቁ «ይህ ልጅ የማን ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። ደግሞስ የትኛው ዓለም? ቻይናዎች የቤተሰቡን ስም ያስቀድማሉ፤ ማኦ ዜዱንግ ውስጥ የቤተሰብ ስሙ «ማኦ» ነው። አይስላንዶች እንደ እኛ በአባት ስም ይኖራሉ፤ የስልክ ማውጫቸውንም በራስ ስም ፊደል ተራ ይደረድሩ ነበር። አገራቸው አልፈረሰችም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ስም መዝጋቢ ቢሮና ፕሮግራም ሠሪ ሆይ፣ አትቁረጡ። ሦስት ሳጥን ስጡን፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። እያንዳንዱ ሳጥን በውስጡ ባዶ ቦታ ይቀበል። ሙሉውን ስምም ባለቤቱ እንደጻፈው ሳይነካ አስቀምጡ። ድሮ በአንድ መስመር የተመዘገበውን በጅምላ ቆርጣችሁ ወደ ሦስት ሳጥን አታስገቡ። ከሦስት ቃል በላይ የሆነውን ሁሉ ለይታችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። ሦስት ቃል የሆነውም ቢሆን እንዳየነው ሁልጊዜ ሦስት ስም አይደለምና ሲመጣ አንብቡለት፦ «አባትዎ ማን ይባላሉ?»

ወላጆችም ድርሻ አለን። የልደት ምዝገባ ሲደረግ ጥምሩን ስም ገጥመን «አብዱረህማን»፣ «ሙሐመድኑር» እንበል። በላቲን ፊደልም እንደዚያው ገጥመን እናጽፍ። የመጀመሪያው ልጅ ወረቀት ላይ የአባት ስም እንዴት እንደተጻፈ አይተን የሁሉንም ልጆች አንድ ዓይነት እናድርግ። ከመፈረማችን በፊት ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እናንብብ፤ የአባት ሳጥን ውስጥ «ረህማን» ካየን እዚያው እናስተካክል።

ይህ ግን ጥንቃቄ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ስሙን ለማሽኑ የሚያመቻቸው ባለስሙ መሆን አልነበረበትም። አንድ ሰው አባቱ ማን እንደሆነ ያውቃል። የማያውቀው ማሽኑ ነው፤ ጠይቆ ይረዳ።