ለታመመ ወዳጅ የምንልከው ድምፅ



ባለፈው ክረምት አንዲት የልብ ጓደኛዬ እዚህ ሃይፋ ሆስፒታል ተኛች። እኔም ወዲያው ስልኬን አንስቼ በዋትሳፕ አራት ደቂቃ ሙሉ ተናገርኩ። «ምንም አትሆኚም፣ ሳቅ በይ» አልኳት። ዶክተሩ ምን እንዳለ፣ ምኗን እንደቀደዷት ዘርዝሬ ጠየቅኩ። ኋላ ልጇ እንደነገረችኝ፣ ድምፄ የተከፈተው ክፍሉ ሰው ሞልቶ ሳለ ነው። በጎን ያለችው ታማሚ ደግሞ አማርኛ ትሰማ ነበር። ጓደኛዬ አፍራ ስልኩን ትራስ ሥር ከተተችው።

አገር ቤት በሽተኛ ስንጠይቅ አጠገቡ ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር። ፊቱን አይተን ደክሞት እንደሆነ እናውቃለን፣ ወሬውንም እናሳጥራለን። በስልክ ግን ፊት አይታይም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከመላካችን በፊት መሆን አለበት።

በእኔ አስተያየት አንድ ደቂቃ ይበቃል። የበሽታው ስም በድምፅ አይነሳ፤ ሌላ ሰው ሊሰማው ይችላል፣ ቤተሰቡ ለራሷ ለታማሚዋ ገና ያልነገራት ነገርም ይኖራል። «ምንም የለብሽም» አይባል፤ ሕመሙን የምታውቀው እሷ ናት። እንዲህ ስንላት «አሞኛል» የማለት ቦታ እናሳጣታለን። ጥያቄም አናብዛ፣ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ የደከመ ሰው መልስ ማዋጣት ይከብደዋል።

በማግስቱ እንደገና ላክሁ፤ እንዲህ ነበር ያልኩት፦

«እቴ፣ እኔ ነኝ። ሌሊቱ ረጅም እንደሚሆንብሽ አውቃለሁ። ጤናዳምሽን ውሃ አጠጥቻለሁ፣ ደህና ነው። ለቡናዬ አንድ ቅርንጫፍ ሰርቄአለሁ፤ ስትመጪ እንካሰሳለን። መልስ አትላኪ፣ አርፈሽ ተኚ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቅ እላለሁ፤ ሰው ማየት ካልፈለግሽ በልጅሽ በኩል ላኪብኝ፣ አልቀየምም። እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርሽ።»

ቀልዱ ትንሽ ነው፣ ግን በሕመሙ ላይ አይደለም፤ ከቤቷና ከሁለታችን ኑሮ የመጣ ነው። ሕመሙንም አልካደም። ጓደኛዬ ይህን ድምፅ ደጋግማ እንደሰማችው ነገረችኝ። ጤናዳሙ ደህና ነው መባሉ ቤቷ እየጠበቃት እንደሆነ አስታወሳት።

አንድ ነገር ልጨምር። ድምፁ ዓርብ የሚላክ ከሆነ ሰንበት ሳይገባ ቀደም ብሎ ይላክ። ልጆቻችን በዕብራይስጥ «ርፉዓ ሽሌማ» ብለው ጽፈው ይልካሉ፤ ደግ ምኞት ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ ለማይችል አዛውንት ግን በለመደው ቋንቋ፣ በሚያውቀው ድምፅ «ይማርህ» መባል ሌላ ነው። እባካችሁ ልጆቻችሁንም ይህን አስተምሯቸው፤ አማርኛቸው ቢሰባበርም አያቶቻቸው ድምፃቸውን ይፈልጋሉ።