መነጽራቸውን የረሱት እናት

በመጽሐፍ ውይይት ላይ «መነጽሬን ቤት ረሳሁት» የሚል አባል ሲያጋጥም ሰብሳቢው ልብ ሊል ይገባዋል። መነጽር ይረሳል፤ የማንም ይረሳል። በሦስት ስብሰባ ሦስት ጊዜ ከተረሳ ግን ነገሩ የመነጽር አይደለም።

ካምደን ውስጥ የመጽሐፍ ውይይት ማኅበር ቢቋቋም ማን ማን እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። እንበልና አሥር ሰዎች በወር አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ በአንድ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ይሰበሰባሉ። አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው፤ መጽሐፉን ጨርሶ በእርሳስ አስምሮበት መጥቷል። አንዱ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ነው፤ ንባቡ የሚያስቀና ቢሆንም ዓለማዊ መጽሐፍ ብዙም አያነብም። እዚሁ ለንደን የተወለደችው ወጣት አማርኛ ትሰማለች፤ ፊደሉን ግን አንድ በአንድ እየቆጠረች ነው የምታነበው። ከአራተኛ ክፍል አቋርጠው በሱዳን በኩል የወጡትና ሌሊት ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱት እናት ደግሞ መነጽራቸውን ረስተዋል።

የተመረጠው መጽሐፍ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» ነው እንበል። ፊታውራሪ በልጅነታቸው ከዓድዋ ዘመቻ ጋር ተጉዘው፣ ከዚያ ሩስያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ያረቀቁ፣ በጄኔቫም የኢትዮጵያ መልክተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ሲሆን መጽሐፉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1998 ዓ.ም. ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው። «ሁላችሁም እስከ ሚቀጥለው ወር ጨርሱ» ማለት ከአሥሩ ስምንቱን ጥፋተኛ አድርጎ ማስቀረት ነው።

ብዙ ሰብሳቢ እዚህ ላይ በቅን ልቦና ሁለት ስሕተት ይሠራል። የመጀመሪያው በየተራ ማስነበብ ነው። «አሁን ተራው የእትዬ ነው» ሲባል እትዬ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ወጣቷም በእያንዳንዱ ቃል ስትደናቀፍ ሌላው ይቁነጠነጣል። በሚቀጥለው ወር ሁለቱም አይመጡም፤ ምክንያታቸውንም አይናገሩም። ሁለተኛው ምሩቁ መጽሐፉን ባጭሩ እንዲተርክ ማድረግ ነው። ይህኛው ማንንም አያሳፍርም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚወያዩት በምሩቁ አስተያየት ላይ እንጂ በመጽሐፉ ላይ አይሆንም።

መፍትሔው እኛ ዘንድ ጥንትም የነበረ ነው። በትርጓሜ ቤት አንዱ ተማሪ ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩ ይተረጉማል፤ የቀረው ደቀ መዝሙር አብዛኛው መጽሐፍ በእጁ ሳይኖር በጆሮው ተከትሎ ይማራል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ቢሆን ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት በሬዲዮ ሰምቶት፣ መጽሐፉን ገልጦ ሳያውቅ ስለ ጉዱ ካሣ ሲከራከር የሚያመሽ ስንት ሰው አለ! በእንግሊዝም ከሊቨርፑል አካባቢ የተነሣው ዘ ሪደር የተባለ ድርጅት የንባብ ቡድኖቹን የሚመራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጽሑፉ እዚያው ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ የማይፈልግ አያነብም።

ስለዚህ ሰብሳቢው ከመጽሐፉ አራት ገጽ ብቻ ይምረጥ። አንዱን ገጽ ረጋ ብሎ ጮክ አድርጎ ለማንበብ ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ አራቱ ቡናው እስኪፈላ ያልቃሉ። ከዓድዋ ዘመቻው ክፍል ቢወስድ ይሻላል፤ ታሪኩን ሁሉም ስለሚያውቀው እንግዳ ቃል ቢያልፍም ጆሮ አይጠፋም። ዳዊት የደገመው አባል ድምፁን ቀድቶ ከሳምንት በፊት በዋትስአፕ ይላክላቸው። ያን ጊዜ እናት ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ በ29 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊሰሙት ይችላሉ። ያን ሁሉ ያሰመረው ምሩቅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበበው። በስብሰባው ቀንም ያው አንባቢ አራቱን ገጽ እንደገና ያሰማል፤ ለፈለገ ደግሞ ገጹ በፎቶ ኮፒ ጎላ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፤ ውይይቱ የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። «ደራሲው ምን አሉ?» ፈተና ነው፤ የሚመልሰውም ያው ምሩቁ ነው። «ስለ ዓድዋ ምን ታስባላችሁ?» ከተባለ ደግሞ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው መጽሐፉን ጥሎ ወደ ዛሬው ፖለቲካ ይነጉዳል፤ መመለሻም የለው። ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚሻለው ጥያቄ «ከሰማነው ውስጥ ይህ ሰው በዓይናቸው ያዩት የቱ ነው? ከሌላ የሰሙት የቱ ነው? ኋላ አድገው የፈረዱትስ የቱ ነው?» የሚለው ነው።

የዘመተው የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነው። የጻፉት ግን ብዙ አገር ያዩ፣ ብዙ የተማሩ ሰው ናቸው። ልጅ አቧራውን፣ ረሃቡን፣ የሰፈሩን ግርግር ሊያይ ይችላል። የጠላትን ጦር ብዛት ግን ማን ቆጥሮ ነገረው? ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። እንዲያውም በልጅነቷ ከሠራዊት ኋላ፣ ከስደተኛ መሃል ያለፈች ሰው ከምሩቁ የተሻለ ትመልሰዋለች። መነጽራቸውን የረሱት እናት «ልጅ ጦርነት አያይም፤ የሚያየው የእናቱን ፊት ነው» ቢሉ በታሪክ ምንጭ አመዛዘን ላይ ተናገሩ ማለት ነው፤ ሰብሳቢውም እንደዚያው አድርጎ ይቀበለው። «እትዬ ጥሩ ተናገሩ» ብሎ አመስግኖ ማለፍ ነገሩን ይገድለዋል። ይልቅ ወደ ምሩቁ ዞሮ «እትዬ ያሉት ልክ ከሆነ ይህኛው አንቀጽ ከየት መጣ?» ይበለው። ምሩቁም ያሰመረበት እርሳስ ሥራ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ክርክሩ ሲባዝን «የትኛው ገጽ ላይ ነው ያልከው?» ማለትም አይመከርም። ትክክለኛ ቢመስልም መጽሐፍ ያልገለጠውን ሁሉ አፍ ያስዘጋል። «ይህን እሳቸው አይተውት ነው ወይስ ሰምተው?» ቢባል ግን ሁሉንም እኩል ወደ ንባቡ ይመልሳል።

ወጣቷ አማርኛውን እየቆጠረች ከምትደክም የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን «ፓዮኒርስ ኦፍ ቼንጅ» ትያዝ። መጽሐፉ ስለ ፊታውራሪና ስለ ዘመናቸው ምሁራን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ደራሲው ስለ ራሳቸው ያሉት ከታሪክ ጸሐፊው ጋር የት እንደሚገጥም፣ የት እንደሚለይ መናገር የእሷ ድርሻ ይሆናል። እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ብትናገር የሚያርማት አይኑር።

ይህ ዘዴ ግን ለሁሉም መጽሐፍ አይሆንም። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ቢመርጡ አራት ገጽ ባንድ ትንፋሽ ማንበብ አያዋጣም። ትረካ አይደለም፤ አንዱ ሐሳብ በሌላው ላይ የሚቆም ክርክር ነው፤ አንዱ ያመለጠው ጆሮ ቀሪውን አይዘውም። እዚያ ንባቡ በየአንቀጹ ቆሞ፣ ከአባላቱ አንዱ በራሱ ቋንቋ እየመለሰው ነው መሄድ ያለበት። በአንድ እሑድ አንድ ገጽ ተኩል ከተሠራ ብዙ ነው።

ሰብሳቢው ነገሩ መስመር መያዙን ለማወቅ ከፈለገ በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ስንት የተለያየ ሰው እንደተናገረ ይቁጠር። ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ከሆኑ ጥፋቱን በጥያቄው ወይም በመረጣቸው ገጾች ይፈልግ። ለሚቀጥለው ወር ገጾቹን የሚያስመርጠውም ከዝምተኞቹ ቢሆን ይሻላል። እናት «ያ ልጅ ከሩስያ ሲመለስ ቤተሰቡን እንዴት እንዳገኘ የሚያወራው ካለ እሱን አንብቡልኝ» ካሉ፣ ቦታውን ፈልጎ ማግኘት የምሩቁ የቤት ሥራ ነው።